ፈንዲንግ ሬት ኔጌቲቭ ስለሆነ ብቻ ሎንግ አይገባም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ፈንዲንግ ሬት ማለት ኤክስቼንጁ በበዛው ወገን ላይ የሚጥለው ቅጣት ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ ሎንግ የያዘው በልጧል፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ሾርት የያዘው በልጧል። ቢትኮይን ላይ ቀኑን ሙሉ 0.01% እያያችሁ ገበያው ቡሊሽ መሆኑ እንዴት አይገባችሁም? ብዙሃኑ ደግሞ ሁሌ ተሸናፊ ነው፣ ስለዚህ ፈንዲንጉ ሲያብጥ ሾርት፣ ኔጌቲቭ ሲሆን ሎንግ ግቡና ቁጭ በሉ፣ ሌላ ኢንዲኬተር አያስፈልጋችሁም።»

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፣ ቻርት ላይ መስመር ከማስመር ያላለፈውን ሰው ፈንዲንግ እንዲያይ ማድረግህም ጥሩ ነው። ግን አራቱም ነጥብ ላይ ችግር አለ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሰው ገንዘብ የሚያስበላ ነው። በተራ በተራ ልሂድባቸው። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ቻርት ላይ ሄዳችሁ እንድታዩት።

ቅጣት ያልከውን ቶሎ ልለፈው። ትላልቆቹ ኤክስቼንጆች ላይ ፈንዲንግ ከተጠቃሚ ወደ ተጠቃሚ የሚሄድ ገንዘብ ነው። ፖዘቲቭ ሲሆን ሎንጎቹ፣ ማለትም ዋጋው ይወጣል ብለው የገቡት፣ ለሾርቶቹ፣ ይወርዳል ብለው ለገቡት፣ ይከፍላሉ፣ ኔጌቲቭ ሲሆን ሾርቶቹ ለሎንጎቹ። ኤክስቼንጁ የራሱን ኮሚሽን ስትገባና ስትወጣ ይወስዳል እንጂ እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ነገሩ የመጣው ከሌላ ችግር ነው፤ መደበኛ ፊውቸርስ ማብቂያ ቀን አለው፣ ቀኑ ሲደርስ ዋጋው ከስፖቱ፣ ማለትም ኮይኑ ራሱ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ግድ ይገናኛል፣ ፐርፕ የሚባለው ፊውቸርስ ግን ማብቂያ ስለሌለው ዋጋው ከስፖት ርቆ ቢሄድ የሚመልሰው ነገር የለም። ቢትሜክስ በሜይ 2016 የቢትኮይን ፐርፑን ሲያወጣ ይሄን ክፍተት በፈንዲንግ ነው የዘጋው፦ ፐርፑ ከስፖት በላይ ከተሸጠ ሎንግ መያዝ ወጪ ይኖረዋል፣ ሾርት መያዝ ገቢ ይኖረዋል፣ ያ ደግሞ ዋጋውን ወደ ታች ይጎትታል። ከታች ሲሆን ተቃራኒው። በቃ ይሄው ነው፣ ማንም ማንንም እየቀጣ አይደለም።

ባይናንስ ላይ BTCUSDT በቀን ሦስት ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እና ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በዛች ደቂቃ ፖዚሽን ከያዝክ ትከፍላለህ ወይ ይከፈልሃል፣ ቀድመህ ከወጣህ የለህበትም። ከዚያ በፊት ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ ከሚቆጥረው ሰዓት ጎን የምታየው ቁጥር ግምት ነው፣ የስምንት ሰዓቱ አማካይ እየተሰራ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይንቀሳቀሳል። ይሄን አማካይ የሚለውን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ሎንግ በለጠ ሾርት በለጠ ወደሚለው። ፊውቸርስ ላይ አንድ ሰው ሎንግ የሚገባው ሌላ ሰው ሾርት ሲገባለት ነው፣ አንድ ቢትኮይን ሎንግ ካለ አንድ ቢትኮይን ሾርት አለ፣ ሁሌም፣ በየትኛውም ደቂቃ። ኦፕን ኢንተረስት፣ ማለትም ያልተዘጋው ፖዚሽን ድምር፣ 5 ቢሊዮን ዶላር ነው ከተባለ 5 ቢሊዮን ሎንግ እና 5 ቢሊዮን ሾርት አለ ማለት ነው። ስለዚህ በመጠን መብለጥ የሚባል ነገር የለም። የሰው ብዛት ሊለያይ ይችላል፣ አንድ ሺህ ትናንሽ ሰው ሎንግ ይዞ በሌላ በኩል ሦስት ትላልቅ ፈንዶች ሾርት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ፈንዲንግ ሰው አይቆጥርም። ቤት ሲሸጥ ገዢና ሻጭ ሁሌ አንድ አንድ ናቸው፣ ዋጋውን የሚያስወጣው ወይ የሚያስወርደው ግን የማን ጉጉት በዛ የሚለው ነው። ፈንዲንግም የሚነግርህ ይሄንኑ ነው፤ የቱ ወገን ነው ለመግባት ወይ ለመቆየት የቸኮለው፣ ለዛ ችኮላውስ ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነው።

እና ሌላኛው ወገን ላይ ያለው ማነው? ይሄ ነው ጽሑፍህ ውስጥ ጭራሽ የሌለው ሰውዬ። ፈንዲንግ ከፍ ሲል ሾርቱን በብዛት የሚይዘው ቢትኮይን ይወድቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አይደለም። ስፖት ላይ አንድ ቢትኮይን ይገዛል፣ ፐርፕ ላይ አንድ ቢትኮይን ሾርት ይገባል፣ ዋጋው ወጣ ወረደ ግድ የለውም፣ አንዱ ላይ ያጣውን ሌላው ላይ ያገኘዋል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ፈንዲንጉን እየሰበሰበ ቁጭ ይላል። ካሪ ትሬድ የሚሉት ነው። ኢቴና የሚባለው ፕሮጀክት በፌብሩዋሪ 2024 ለሕዝብ ሲከፈት ይሄንኑ ሥራ ዩኤስዲኢ የሚባል የዶላር ቶክን አድርጎ ሸጠው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የቶክኑ መጠን ከ5 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ያ ሁሉ ገንዘብ ኦፕን ኢንተረስት ላይ ሾርት ሆኖ ይታያል፣ ግን ስለ ዋጋው ምንም አስተያየት የለውም። እንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ በበዛ ቁጥር ፈንዲንጉ ትንሽ ከፍ ሲል ዘለው እየገቡ መልሰው ያወርዱታል፣ ስለዚህ በ2021 መጀመሪያ የነበረው ጉጉት ዛሬ ቢደገም እንኳ ቁጥሩ ያኔ የነበረበት ላይ ላይደርስ ይችላል። የድሮ ቻርት አውጥቶ እዚህ ሲደርስ ይወድቃል ብሎ መስመር መሳል ለዚህ ነው የማይሠራው።

ሦስተኛው፣ 0.01%። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አያለሁ። የባይናንስ ቀመር በስምንት ሰዓት ኮንትራት ላይ እንዲህ ነው፦

```
F = P + clamp(I - P, -0.05%, +0.05%)
I = 0.01%
```

P ፕሪሚየሙ ነው፣ ፐርፑ ከኢንዴክሱ ማለትም ከስፖት ገበያዎች አማካይ ዋጋ ስንት በመቶ ርቋል የሚለው፣ ያውም መጨረሻ የተሸጠበትን ዋጋ ወስዶ ሳይሆን ትልቅ ትዕዛዝ ኦርደር ቡኩን ሲመታ የሚያገኘውን ዋጋ ይዞ የሚሠራ። I ደግሞ ወለድ ይሉታል፣ በቋሚነት የተቀመጠ ቁጥር ነው፣ ዶላር መበደር ቢትኮይን ከመበደር ይወደዳል ከሚል ሐሳብ የመጣ። clamp የሚለው በቅንፍ ውስጥ ያለው ልዩነት ከ0.05% እንዳይበልጥ፣ ከታችም ከዛው እንዳያንስ ይገድበዋል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ፐርፑ ከስፖት በ0.02% ከፍ ብሏል እንበል። ልዩነቱ 0.01 ሲቀነስ 0.02፣ ማለትም ኔጌቲቭ 0.01፣ ገደቡ ውስጥ ስለሆነ እንዳለ ያልፋል፣ ሲደመር 0.01% ሆነ። እሺ፣ ፐርፑ ከስፖት በታች ወርዶ ኔጌቲቭ 0.03% ላይ ቢሆንስ? ልዩነቱ 0.04 ነው፣ አሁንም ገደቡ ውስጥ ነው፣ ኔጌቲቭ 0.03 ሲደመር 0.04፣ መልሱ አሁንም 0.01%! ገብቶሃል አይደል፣ ፕሪሚየሙ ከኔጌቲቭ 0.04% እስከ ፖዘቲቭ 0.06% ባለው መሃል የትም ቢሆን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ያው 0.01% ነው። ፐርፑ ከስፖት በታች እየተሸጠ፣ ማለትም ሻጩ እየቸኮለ፣ ፈንዲንጉ ፖዘቲቭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ 0.01% የሚያሳየው ቡሊሽ ስሜት ሳይሆን የቀመሩን ማረፊያ ነው፣ መኪና ሲቆም ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት በለው። በዓመት ሲሰላ ወደ 11% ገደማ ይመጣል፣ ብዙ ሰው ይሄን ዓመታዊ ቁጥር አይቶ ነው «ሎንጎቹ በዓመት 11% እየከፈሉ ነው፣ እንዴት ቢተማመኑ ነው» የሚለው።

ከዚያ መስመር ሲወጣ ነው ቁጥሩ መናገር የሚጀምረው። ፕሪሚየሙ 0.10% ሲሆን ገደቡ ይይዘውና 0.05% ይወጣል፣ ኔጌቲቭ 0.10% ሲሆን ደግሞ ኔጌቲቭ 0.05%። ፈንዲንጉ ዜሮ ላይ ወይ ትንሽ ኔጌቲቭ ላይ ካየህ «ገለልተኛ ነው» አትበል፣ እዛ የሚደርሰው ፐርፑ ከስፖት በታች በደንብ ከወረደ ብቻ ነው። ፕሪሚየሙን ራሱን ማየት ከፈለግክ ባይናንስ የፕሪሚየም ኢንዴክስ ቻርት ለብቻው አለው፣ ከፈንዲንጉ ይልቅ እሱን ብታይ ይሻላል፣ ቢያንስ እንቅስቃሴው አይደበቅብህም።

እግረ መንገዴን፣ ቁጥር ስታወዳድር ሰዓቱን እይ። አንዳንድ አልት ኮይኖች ባይናንስ ላይ በየአራት ሰዓቱ ነው የሚከፍሉት፣ ሃይፐርሊኩዊድ በየሰዓቱ ነው። ሃይፐርሊኩዊድ ላይ 0.00125% አይተህ «ምንም አይደል» ካልክ ተሸውደሃል፣ በስምንት ስታባዛው ያው የባይናንሱ 0.01% ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ብዙሃኑ ሁሌ ይሸነፋል ወደሚለው። መጀመሪያ ሲያብጥ ሾርት ግቡ ያልከውን ልውሰድ። በ2021 መጀመሪያ ወራት የቢትኮይን ፈንዲንግ ከማረፊያው አሥር እጥፍ፣ 0.1% አካባቢና ከዛ በላይ በተደጋጋሚ ነበር። ምክርህን ሰምቶ በጃንዋሪ መጨረሻ 33 ሺህ ዶላር አካባቢ ሾርት የገባ ሰው፣ ፈንዲንጉ ሁሌ 0.1% ነበር ብንል እንኳ በቀን 0.3%፣ በሦስት ሳምንት 6% ገደማ ይሰበስባል። ዋጋው ግን ፌብሩዋሪ 21 ላይ ከ57 ሺህ አልፎ ነበር። ስድስት በመቶ ተቀብሎ ከሰባ በመቶ በላይ ማጣት ነው፣ ያውም ያለ ሌቨሬጅ፤ በአሥር እጥፍ የገባው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የተጠረገው። ጉጉቱ በመጨረሻ ተቀጣ ወይ? አዎ፣ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ 64 ሺህ ገደማ ደርሶ ሜይ 19 ወደ 30 ሺህ ወረደ። ግን የፈንዲንጉ ቁጥር ያለማቋረጥ «አደጋ» እያለ ዋጋው ወራት ሙሉ ወጣ፣ እና መቼ የሚለውን ማንም ከዛ ቁጥር ላይ ሊያነብ አይችልም ነበር። ከፍተኛ ፈንዲንግ የሚነግርህ ወድቆ ቢመጣ ብዙ ሌቨሬጅ ያለበት ሰው እንደሚጠረግና መውደቁ ፈጣን እንደሚሆን ነው። ይወድቃል አይልም።

ኔጌቲቩ ግን ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ሾርቱ ለምን እንደተያዘ ካላወቅክ ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ገልብጠህ ነው የምታነበው። የኢቴሪየምን መርጅ አስታውስ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022፣ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ42 ገደማ። ኢቴሪየም ከማይኒንግ ወደ ስቴኪንግ የተሸጋገረበት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ETHUSDT ፈንዲንግ ከዜሮ በታች ገብቶ እየጠለቀ ሄደ፣ መርጁ ሲቃረብ ደግሞ በታሪኩ ታይቶ የማይታወቅ ኔጌቲቭ ደረሰ። ባንተ አነባበብ ይሄ ምንድነው? ሕዝቡ በሙሉ ይወድቃል ብሎ ሾርት ገብቷል፣ ስለዚህ ስኩዊዝ ይመጣል፣ ሾርቶቹ ለመውጣት ተጨንቀው ሲገዙ ዋጋው ይፈነጠራል፣ ሎንግ ግቡ። ብዙ ሰው ያኔ እንደዛ ብሎ ነው የገባው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ማይነሮቹ ሥራቸው ሊያልቅ ስለሆነ ከነሱ የተወሰኑት አሮጌውን ሰንሰለት ይዘን እንቀጥላለን አሉ፣ ቻንድለር ጉዎ የሚባለው ቻይናዊ ማይነር ዋናው አስተዋዋቂ ነበር። ሰንሰለቱ ለሁለት ሲከፈል በዛች ቅጽበት ኢቴሪየም ዋሌቱ ላይ ያለው ሰው በያዘው ልክ አዲሱን ETHW የሚባል ቶክን በነጻ ያገኛል። ፐርፕ የያዘ አያገኝም፣ ስፖት የያዘ ብቻ። ታድያ ብልጥ የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? 10 ኢቴሪየም ስፖት ይገዛል፣ ያኔ ዋጋው 1,600 ዶላር አካባቢ ስለነበር 16 ሺህ ዶላር ማለት ነው፣ የዋጋው መውረድ እንዳይነካው ደግሞ 10 ኢቴሪየም ፐርፕ ላይ ሾርት ይገባል። የዋጋ አደጋ ዜሮ፣ በነጻ 10 ETHW።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው፣ የETHWውን ዋጋ ለምሳሌ ነው የምወስደው። ሰውዬው ETHW አንዱ 30 ዶላር ይሸጣል ብሎ ከገመተ 300 ዶላር ይጠብቃል፣ የ16 ሺህው 1.9% ገደማ ነው። ስለዚህ ሾርቱን ለመያዝ በድምሩ እስከ 1.9% ቢከፍል እንኳ አይከስርም። ፈንዲንጉ ኔጌቲቭ 0.1% ሆኖ አምስት ቀን ቢቆይ አሥራ አምስት ክፍያ ነው፣ 1.5%፣ ማለትም 240 ዶላር ከፍሎ 60 ዶላር ይተርፈዋል። መርጁ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ስድስት ክፍያ ብቻ ስለሚቀር በአንዴ 0.3% ቢከፍልም አሁንም ያዋጣዋል። እዚህ ጋ ቆም ብለህ እየው፦ ቀኑ በቀረበ ቁጥር በአንድ ክፍያ ሊከፍል የሚችለው ይጨምራል፣ ፈንዲንጉ ወደ መጨረሻው ላይ እየጠለቀ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ስለ ኢቴሪየም ዋጋ ሳይሆን ስለ ETHW የሚጠበቀው ዋጋ ነበር የሚያወራው። ሾርት የያዘው ሰውዬ ይወድቃል ብሎ የገባ አልነበረም፣ ወደ ሌላ ቶክን መግቢያ ትኬት እየገዛ ነበር።

መርጁ አለፈ። ሾርቱን መያዝ ትርጉም አጣ፣ ሾርቱን ዘጋ፣ አብሮ ደግሞ ስፖቱን ሸጠ። ስኩዊዝ የሚጠብቀው ሰው የረሳው ይሄንን ነው፤ ሄጅ ያደረገ ሰው ሾርቱን ሲዘጋ ፐርፕ ላይ ይገዛል ግን በዛው መጠን ስፖት ላይ ይሸጣል፣ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፣ ዋጋውን የሚያስፈነጥር ነገር የለም። ፈንዲንጉ ወዲያው ወደ ዜሮ አካባቢ ተመለሰ፣ ኢቴሪየም በዛው ቀን ከ1,500 በታች ወረደ፣ በሳምንት ውስጥ ደግሞ ከ1,300 በታች። ልክ ነው፣ በዛ ሳምንት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ በ0.75% ጨምሯል፣ መውደቁ በሙሉ የመርጁ ነው አልልም። ግን ኔጌቲቭ ፈንዲንግ አይቶ 1,600 ላይ ሎንግ የገባ ሰው ጥቂት በመቶ ፈንዲንግ ሰብስቦ ሃያ በመቶ ገደማ አጥቷል፣ ያውም ያልነበረ ብዙሃን ላይ ተቃራኒ ቆሞ።

ይሄ ቀድሞ ይታወቅ ነበር ወይ ካልከኝ፣ አዎ፣ ከፈንዲንግ ውጪ ለሚያይ ሰው ይታወቅ ነበር። አንደኛ ብድር ገበያው ላይ ይታይ ነበር፤ ሰው ETHW ለማግኘት ኢቴሪየም እየተበደረ ስለነበር አቬ የሚባለው የብድር ፕሮቶኮል አባላቱ ድምጽ ሰጥተው ኢቴሪየም ማበደሩን ከመርጁ በፊት ለጊዜው አቁመዋል። ሰው ይወድቃል ብሎ የሚፈራውን ነገር ተበድሮ ሲሸጠው ነው የምታየው፣ ተበድሮ ዋሌት ላይ ሲያስቀምጥ ካየህ ግን ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው። ሌላው ማብቂያ ቀን ያላቸው ፊውቸርሶች ናቸው፣ ከመርጁ በኋላ የሚያበቃው የሴፕቴምበር ኮንትራትም ከስፖት በታች ነበር የሚሸጠው፣ ምክንያቱም እሱን የያዘም ETHW አያገኝም። እና ቢትኮይን ላይ ተመሳሳይ ነገር አልነበረም፤ ገበያው በጠቅላላ ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቱ ኢቴሪየም ላይ ብቻ ባልቆመ ነበር።

ይሄ ደግሞ አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ ነገር አይደለም። ኤርድሮፕ በስፖት ይዞታ ልክ ሊሰጥ ሲል፣ ስቴክ ያደረገ ሰው ትልቅ ምርት ሲያገኝ፣ የተቆለፈ ቶክን ያለው ቀደምት ኢንቨስተር መክፈቻ ቀኑ ሲደርስበት፣ ሁሉም መፍትሔው አንድ ነው፣ ያለውን ይዞ ፐርፕ ላይ ሾርት መግባት። በተለይ ትናንሽ አልቶች ላይ ኔጌቲቭ ፈንዲንግ ካየህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይሄን ሾርት የያዘው ሰው ሌላ ቦታ ላይ ምን ይዟል?» የሚለውን ነው።

ፍትሃዊ ለመሆን ግን፣ የምትለው የሚሠራበት ጊዜ አለ፣ ጁላይ 2021 ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሜይ ውድቀት በኋላ ቢትኮይን ለሳምንታት ከ30 ሺህ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲንከላወስ ፈንዲንጉ ደጋግሞ ኔጌቲቭ ነበር። እዛ ላይ ሾርት ለመያዝ ሌላ ምክንያት አልነበረም፣ ፎርክ የለም ኤርድሮፕ የለም፣ በቃ ይወድቃል ብሎ የገባ ሰው ነበር፣ ያውም ለመቆየት እየከፈለ። ጁላይ 20 ላይ ከ30 ሺህ በታች ወርዶ መቀጠል አቃተው፣ ጁላይ 26 አማዞን ክሪፕቶ ሊቀበል ነው የሚል ወሬ ሲወጣ ሾርቶቹ ተራ በተራ እየተጠረጉ ዋጋውን 40 ሺህ አካባቢ አደረሱት፣ አማዞን በኋላ ወሬውን ቢያስተባብልም። እዚህም ግን ልብ በል፣ ኔጌቲቭ ያየበት ቀን ዘሎ ሎንግ የገባ ሰው ጁን 22 ላይም ከ30 ሺህ በታች መውረዱን ማየት ነበረበት፣ በሌቨሬጅ ከሆነ ስኩዊዙ ሳይደርስ እሱ ራሱ ሄዷል። የሠራው ፈንዲንጉ ብቻውን ሳይሆን ሾርቱ እየከፈለ ቆይቶም ዋጋው አልወርድ ማለቱ ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ፣ ማለትም ገንዘብ እየከፈሉ የሚገፉ ሰዎች ኖረው ዋጋው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ያኔ እኔም ጆሮዬን አቀናለሁ።

ከላይ ያዙልኝ ያልኩት አማካይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ፈንዲንጉ የስምንት ሰዓት አማካይ ስለሆነ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ትልቅ ውድቀት መጥቶ ሎንጎቹ በሃያ ደቂቃ ከተጠረጉ በኋላ እንኳ ቀጣዩ ክፍያ ላይ ከፍ ያለ ፖዘቲቭ ልታይ ትችላለህ፣ ምክንያቱም ከውድቀቱ በፊት የነበሩት ሰዓታት ውስጡ አሉበት። ያንን አይተህ «አሁንም ሎንጉ አብጧል» ብለህ ሾርት ብትገባ፣ የምታየው የሌሉ ሰዎችን ጥላ ነው። ይሄን ለማጣራት ኦፕን ኢንተረስቱን በኮይን ቁጥር እንጂ በዶላር አትይ፣ ዋጋው ሲወርድ ዶላሩ በራሱ ስለሚያንስ ያታልላል። በኮይን በደንብ ከወረደ ሰዎቹ ወጥተዋል፣ ካልወረደ አሁንም እዛው ናቸው። እና አንድ ኤክስቼንጅ ብቻ አትይ፤ ባይናንስ ላይ ብቻ የወጣ ቁጥር፣ ባይቢትና ኦኬኤክስ ላይ ግን የሌለ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ሰው እዛ ቤት ውስጥ እየገባ ወይ እየወጣ ነው እንጂ የሕዝቡ ነገር አይደለም።

«እሺ ስንት ሲሆን ነው አብጧል የሚባለው» የሚል ጥያቄ ጽሑፍህ ሥር አይቻለሁ፣ አንተም 0.05% ብለህ መልሰሃል። ለሁሉም ኮይን የሚሠራ ቁጥር የለም። ቢትኮይን ላይ 0.05% ብርቅ የሚሆንበት ወር አለ፣ አንዳንድ ሚም ኮይን ላይ ደግሞ ተራ ቀን ነው። ኮይኑን ከራሱ ካለፉት ሳምንታት ጋር አወዳድረው፣ ሌላ ምንም።

ጠያቂው ግን ሃያ እጥፍ እንደሚጠቀምም ጽፏልና ለእሱ ከምልክቱ በፊት ወጪውን ብትነግረው ይሻል ነበር። ፈንዲንግ የሚሰላው በማርጂኑ ሳይሆን በፖዚሽኑ ሙሉ መጠን ነው። 100 ዶላር አስይዞ በሃያ እጥፍ ሎንግ ከገባ ፖዚሽኑ 2,000 ዶላር ነው፣ ፈንዲንጉ 0.1% ከሆነ በአንድ ክፍያ 2 ዶላር፣ በቀን 6 ዶላር፣ ማለትም ዋጋው ባለበት ቢቆም እንኳ ካስያዘው በቀን 6% ይሄዳል። ዋሌቱ ላይ ትርፍ ገንዘብ ከሌለው የሚቀነሰው ከዛው ከማርጂኑ ስለሆነ የሊኩዊዴሽን ዋጋውም በየክፍያው እየተጠጋው ይመጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሎንግ ሊገባ ካሰበ፣ ቢያንስ ስድስት ደቂቃ ይጠብቅ።